የጎረቤት ሽምግልና በድምፅ ተቀድቷል፤ ያለቀውንና ያላለቀውን እንዴት ለይተን እንጻፍ?

የጎረቤት ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በምርቃት ነው። ሽማግሌዎቹ «በሉ ተነሡና ይቅር ተባባሉ» ይላሉ። ሁለቱም «ይቅር ለእግዜር» ይባባላሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ቡና ይቀርባል። ይህ እርቅ ነው። ግን እርቅ መውረዱ አንድ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ነጥብ መቋጨቱ ሌላ ነገር ነው። ሰዎች ከልባቸው ታርቀው፣ የተበላሸውን ግድግዳ ማን እንደሚያድስ ሳይስማሙ ሊለያዩ ይችላሉ።

ማጠቃለያ የሚጽፈው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጨረሻው ስላማረ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። «በሁሉም ነጥብ ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፋል። ከሳምንታት በኋላ አንዱ «ተስማምተን ነበር» ይላል፣ ሌላኛዋ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ትላለች። አሁን ጠቡ ከበፊቱ ይብሳል፤ ሽማግሌዎቹም ተጨምረውበታልና።

ይህን የምጽፈው ለእድር ጸሐፊዎች፣ ለሽማግሌዎች፣ እንዲሁም «አንተ ጽሑፍ ትችላለህ፣ እስቲ ጻፍልን» ተብሎ የስልክ ቅጂ ለተሰጠው ሰው ነው። ሐሳቡን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። ምሳሌው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው፤ ዳገታማ ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። የላይኛው ቤትና የታችኛው ቤት እንበላቸው። የላይኛው ቤት ባለቤት ወንድ ነው፣ የታችኛዋ ሴት ናት። የላይኛው ጣሪያ አሸንዳ የለውም። ዝናብ ሲጥል ውሃው በቀጥታ በታችኛው ቤት ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ግድግዳው ረጥቦ ልስኑ እየተላጠ ነው። በዚያ ላይ የታችኛዋ «አጥሩ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ እኔ ገብቷል» ትላለች። ከእድሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስማሟቸው። አንዱ በስልኩ ቀዳው። ቅጂው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

መጀመሪያ ፋይሉ

ከሁሉ በፊት መቅዳቱን ሁሉም ያውቁ እንደነበር አረጋግጡ። ጥሩ ቅጂ ሲጀምር አንዱ ሽማግሌ «ለማስታወሻ እየቀዳን ነው፣ ትፈቅዳላችሁ?» ሲል የሁለቱም መልስ ይሰማል። ይህ ከሌለ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቱንም ጠይቁ። አንዳቸው ካልፈቀዱ ቅጂውን ተዉት። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ሥራው ይከብዳል፣ ግን ባልተፈቀደ ቅጂ የተጻፈ ማጠቃለያ ራሱ አዲስ ጠብ ነው።

ቀጥሎ የፋይሉን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ። ስልክ ፋይሉን ለምሳሌ `20250524_153000` ብሎ ሊሰይመው ይችላል። ይህ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9:30 ማለት ነው። ቅጂው ውስጥ «የዛሬ ሳምንት» ወይም «በሚመጣው ወር» ሲባል የምትቆጥሩት ከዚህ ቀን ነው። በራሳችን አቆጣጠር ጻፉ፣ ዓመተ ምሕረቱን አትዝለሉ። ለቤቱ እድሳት ገንዘብ የሚልክ ልጅ ወይም ወንድም ውጭ አገር ካለ ደግሞ የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡለት። «ሰኔ 5» የሚለውን «ጁን 5» ብሎ ካነበበው አንድ ሳምንት ይስታል።

ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በግልባጩ ላይ ሥሩ። ዋናው አይነካ።

ሁለት ጊዜ አዳምጡ

የመጀመሪያውን ጊዜ እስክሪብቶ ሳትይዙ እስከ መጨረሻው ስሙ። ሽምግልና በቀጥታ መስመር አይሄድም። ስለ አሸንዳ ተጀምሮ ወደ አጥር ይኬዳል፣ ከዚያ የአምና የለቅሶ ቅሬታ ይነሣል፣ ተመልሶ አሸንዳ ይመጣል። 20ኛው ደቂቃ ላይ የተባለው 70ኛው ደቂቃ ላይ ሊለወጥ ይችላል። እየሰሙ የሚጽፉ ሰዎች የመጀመሪያውን ቃል ይይዙና የመጨረሻውን ያመልጣቸዋል።

በሁለተኛው ዙር በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ወረቀቱን በሦስት ክፈሉት፦ ደቂቃው፣ ማን ተናገረ፣ ምን አለ። ሁሉንም ቃል መገልበጥ አያስፈልግም። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የቀረበ ሐሳብና ለእሱ የተሰጠ መልስ። ሐሳቡን ስትሰሙ ደቂቃውን ጻፉ። ከዚያ መልሱን ፈልጉ፤ ከላይኛውም፣ ከታችኛዋም። የአንዱ ብቻ ከተገኘ የሌላኛውን ቦታ ባዶ ተዉት። ባዶውን ቦታ በግምት አትሙሉ። በኋላ ዋናውን ሥራ የሚሠራላችሁ ይህ ባዶ ቦታ ነው።

«እሺ» ሁሉ እሺ አይደለም

የሥራው ከባድ ክፍል ይህ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው።

እኛ አገር ሰው ሲያዳምጥ «እሺ… እሺ…» ይላል። እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል ማለቱ ነው። ስለዚህ በሌላ ሰው ንግግር መሐል የገባ «እሺ» መልስ አይደለም። መልስ የሚሆነው ጥያቄ ተጠይቆ፣ ተናጋሪው ዝም ብሎ ሲጠብቅ የሚመጣው ነው። ቅጂውን አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ መልሱና ከ«እሺ» በፊት ጥያቄ ነበረ ወይ ብላችሁ ስሙ።

«እናንተ ካላችሁ እሺ» ሌላ ነው። ይህ ለሽማግሌ ክብር የሚሰጥ መልስ ነው። ሰውየው በእርግጥ ተስማምቶ ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት እምቢ ማለት አፍሮም ሊሆን ይችላል። በድምፁ አትፍረዱ። ቃሉን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ጻፉና ሲነበብለት እንዲያረጋግጥ ተዉት።

«ለእናንተ ስል ትቼዋለሁ» ደግሞ ምን እንደተተወ አይናገርም። ቂሙን ነው የተወችው ወይስ ገንዘቡን? ሰሚው ለራሱ የሚመቸውን ይመርጣል። የላይኛው ቤት «የልስኑን ገንዘብ ትታልኛለች» ብሎ ይሄዳል፣ የታችኛዋ ደግሞ «ስድቡን ተውኩለት» ማለቷ ነበር። ቅጂው ውስጥ ካልተብራራ ይህ ነጥብ ያላለቀ ነው። «እስቲ እናያለን» እና «ግዴለም» የሚሉትም እዚያው ይገባሉ።

በቅጂ የማይያዝ ነገርም አለ። ብዙዎቻችን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ከነበረ ይህ ድምፅ አይሰማም ማለት ይቻላል። ራስ መነቅነቅማ ጨርሶ አይገባም። ጥያቄ ተጠይቆ ዝምታ ሆኖ ወዲያው ሽማግሌው «ጎሽ» ካለ፣ ምናልባት ራስ ተነቅንቋል። ምናልባት። ከፊት ለፊት የተቀመጠውን ሽማግሌ ጠይቁ። እሱ «አዎ ነቅንቃለች» ቢልም «በቅጂው አይሰማም፣ ይረጋገጥ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

ከሁሉ የሚያሳስተው የሽማግሌው ማጠቃለያ ነው። «እንግዲህ ግማሽ በግማሽ ተባብላችኋል፣ አይደል?» ይላል፤ ማንም አይናገርም፤ ወሬው ይቀጥላል። ሽማግሌን መሐል ላይ ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ነው ዝም የተባለው። ሽማግሌው የተናገረው የሽማግሌው ቃል ነው። የባለጉዳዮቹ ቃል የሚሆነው ከራሳቸው አፍ ሲወጣ ነው።

ምሳሌውን እንሥራው

38ኛው ደቂቃ ላይ እንዲህ ይሰማል።

ሽማግሌ፦ «አንተስ ልጄ፣ አሸንዳውን ታሠራለህ?»
ላይኛው፦ «አሠራለሁ። ክረምቱ ሳይገባ።»
ሽማግሌ፦ «ክረምቱ ሳይገባ ማለት መቼ ነው?»
ላይኛው፦ «እስከ ሰኔ አምስት። ወጪው የራሴ ነው፣ ጣሪያው የኔ ነው።»
ታችኛዋ፦ «ውሃው ወዴት ነው የሚወርደው? አሸንዳ ብቻ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ያፈሰዋል።»
ላይኛው፦ «ቱቦ አወርድለታለሁ፣ ወደ መንገዱ ቦይ።»
ታችኛዋ፦ «እንደዚያ ከሆነ ተስማምቻለሁ።»

ይህ አልቋል። እንዴት አወቅን? አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ወጪ። አራቱም በባለጉዳዮቹ ድምፅ ተመልሰዋል፤ ከዚያ የሁለቱም ፈቃድ ተሰምቷል። የሽማግሌው ሁለተኛ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ «ክረምቱ ሳይገባ» የሚለው ብቻ ይቀር ነበር። ለአንዱ ክረምት የሰኔ መግቢያ ነው፣ ለሌላው ሐምሌ። የታችኛዋ የቱቦ ጥያቄም ቀላል አይደለም። መውረጃ ቱቦ የሌለው አሸንዳ በጣሪያው ርዝመት ሁሉ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ይደፋዋል። ማጠቃለያው «አሸንዳ ያሠራል» ብቻ ካለ ሰውየው ቃሉን ጠብቆም ግድግዳው ሊረጥብ ይችላል።

52ኛው ደቂቃ ላይ የልስኑ ጉዳይ ይመጣል።

ሽማግሌ፦ «ልስኑን ግማሽ በግማሽ ብትካፈሉስ?»
ላይኛው፦ «እናንተ ካላችሁ እሺ።»
ታችኛዋ፦ «አባቶቼ፣ ስንት እንደሚፈጅ ሳላውቅ ምን እላለሁ?»
ሽማግሌ፦ «ይሁን፣ እሱ ቀላል ነው። አጥሩስ?»

«እሱ ቀላል ነው» ብለው አለፉት፣ አልተመለሱበትም። ይህ አላለቀም። የላይኛው «እሺ» ስላለ ብቻ «ግማሽ በግማሽ ተስማምተዋል» ብሎ መጻፍ የታችኛዋን ቃል መብላት ነው። «የታችኛዋ አልተቀበለችም» ብሎ መጻፍም ስህተት ነው፤ እምቢ አላለችም። ዋጋውን ጠየቀች። ልክ እንደዚያ ይጻፍ።

1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ አጥሩ ይነሣል። የላይኛው «እኔ በካርታዬ ነው ያጠርኩት» ይላል። የታችኛዋ «ካርታዬ ሌላ ነው የሚለው» ትላለች። ሽማግሌዎቹ «ይህን እኛ በእርምጃ ለክተን አንወስንም፣ የወረዳው ባለሙያ ይለካው፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» ይላሉ። ሁለቱም «ይለካ፣ አንነካውም» ይላሉ።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ይደናገራሉ። አጥሩ የተስማሙበት ነው ወይስ ያላለቀ? መልሱ ሁለቱም ነው፤ ስለዚህ ነጥቡን ለሁለት ክፈሉት። እንዲለካና እስከዚያ እንዳይነካ ተስማምተዋል። መስመሩ የት እንደሆነ አልተስማሙም። «የአጥሩ ጉዳይ በስምምነት ተጠናቋል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ነገ አንዱ አጥሩ ባለበት እንደጸና ይቆጥረዋል። በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ቃል ሁሉ እንዲህ ይከፈላል። «ይህ ከሆነ ይህን አደርጋለሁ» ሲባል ቃሉ ወደ ተስማሙበት ይገባል፣ «ይህ ከሆነ» የተባለው ገና ካልታወቀ ደግሞ ወደ ያልተቋጨው።

መጨረሻ አካባቢ አንዱ ሽማግሌ «ይህን ያፈረሰ ለእድሩ 5,000 ብር ገደብ ይክፈል» ይላል። ማንም አይመልስም። ምርቃት ይጀመራል። ገደብ ገንዘብ ነው፤ በዝምታ አይጸናም። ይህም ካላለቀው ጋር ይሄዳል።

አሁን ጻፉት

ሁለቱን ክፍል በአንድ አንቀጽ አታደባልቁ። ቢቻል ያልተቋጨውን በሌላ ገጽ ላይ ጻፉት። የኛ ምሳሌ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

*የተስማሙባቸው*

1. የላይኛው ቤት፣ በታችኛው ቤት በኩል ባለው የጣሪያው ጠርዝ ላይ አሸንዳና መውረጃ ቱቦ ያሠራል። ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል። ወጪውን የሚሸፍነው የላይኛው ቤት ነው። እስከ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ይጠናቀቃል። (ከ38:10 ጀምሮ)
2. የአጥሩን መስመር የወረዳው ባለሙያ እንዲለካ ሁለቱም ተስማምተዋል። (1:12:20)
3. ልኬቱ እስኪታወቅ ድረስ ሁለቱም አጥሩን አይነኩም። (1:13:05)

*ገና ያልተቋጩ*

1. የልስኑ ወጪ። ሽማግሌዎች ግማሽ በግማሽ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የላይኛው ቤት «እናንተ ካላችሁ እሺ» አለ። የታችኛው ቤት ዋጋው ሳይታወቅ መልስ እንደማትሰጥ ተናገረች። የሚጠበቀው የግንበኛ ዋጋ ነው። ማን እንደሚያስጠይቅ አልተወሰነም። (52:40)
2. የአጥሩ ትክክለኛ መስመር። ሁለቱም በየካርታቸው ይከራከራሉ። የሚጠበቀው የልኬቱ ውጤት ነው። (1:12:20)
3. የ5,000 ብር ገደብ። በሽማግሌ ቀርቧል፣ ከሁለቱም ወገን መልስ አልተሰማም። (1:34:00)

*ስምምነቱን ለመፈጸም መልስ የሚያስፈልገው*

ለልኬቱ ወረዳ ሄዶ የሚያመለክተው ማን ነው? ክፍያ ካለስ ማን ይከፍላል? በውይይቱ ላይ አልተነሣም።

ሦስተኛውን ክፍል ለብቻው ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው። ባለጉዳዮቹ ያላነሡትን ነገር ክርክር አስመስሎ መጻፍ ያልነበረ ጠብ መፍጠር ነው። ግን ያለ እሱ ስምምነቱ የማይፈጸም ከሆነ መጠየቅ አለበት። ያለ እሱ የሚፈጸም ከሆነ ተዉት፣ የናንተ ጉዳይ አይደለም።

አጻጻፉ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። «በትክክል እንዳመለከተችው» ወይም «ሰበብ እየሰጠ» የሚሉ ቃላት አይግቡ፤ እነዚህ ፍርድ ናቸው። ስለ ልስኑ ስትጽፉ «በላይኛው ቤት ጥፋት የተበላሸው ልስን» አትበሉ፤ ጥፋቱን የተቀበለ የለም። «የተላጠው ልስን» በቂ ነው። ያልተቋጩ ነጥቦች ላይ የሁለቱም ወገን ቃል በርዝመት ተቀራራቢ ይሁን። የአንዱ አራት መስመር፣ የሌላው ግማሽ መስመር ከሆነ ያነበበው ሁሉ ጸሐፊው ለማን እንዳደላ ያያል።

በንዴት የተባለው አይጻፍ። ስድቡ፣ ስለ ልጆች የተነሣው፣ ስለ ትዳር የተወረወረው ቃል ሁሉ ይቅር ተባብለውበታል፤ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ግን ይቅርታው ይፈርሳል። ይቅርታው ራሱ በአንድ መስመር ይግባ፦ «ሁለቱም ወገኖች ይቅር ተባብለዋል።» ይህን መስመር ከሁለቱም ክፍል ውጭ፣ ከላይ ከቀኑና ከተገኙት ሰዎች ስም ጋር አስቀምጡት። ከተስማሙባቸው ነጥቦች ሥር ካስገባችሁት የቀረውን ሁሉ የዘጋ ይመስላል።

አንብቡላቸው

ጽሑፉን ለሽማግሌዎቹ ብቻ አሳይታችሁ አትጨርሱ። ሁለቱ ባለጉዳዮች ባሉበት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ማንበብ የሚችሉ ቢሆኑም አንብቡላቸው፤ ወረቀት ሲሰጠው ሳያነብ የሚፈርም ብዙ ነው። ካልተቋጨው ጀምሩ። ከተስማሙበት ከጀመራችሁ ደስታው ይቀድምና ቀሪውን ማንም ልብ ብሎ አይሰማም። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቆም በሉና «ያልከው ይህ ነው? ያልሽው ይህ ነው?» ብላችሁ በስም ጠይቁ።

አንዱ «አይ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» ካለ፣ ስልኩን አውጥታችሁ ድምፁን አታሰሙት። ሰውን በሰፈሩ ሰው ፊት በራሱ ድምፅ ማሳፈር እርቁን ያበላሻል። ነጥቡን ከተስማሙበት አውጡና ያልተቋጨው ውስጥ አስገቡት። ያኔ በእርግጥ እሺ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን ፈቃዱ የለም፣ ፈቃድ የሌለው ስምምነት ደግሞ አሸንዳ አያሠራም። ሽማግሌዎቹ ከፈለጉ ለብቻው ጠርተው ያሰሙት።

ከተስተካከለ በኋላ ሁለቱም ወገኖችና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙ። የሚፈርሙት ይህ ማጠቃለያ የተባለውን በትክክል እንደያዘ ነው። አስገዳጅ የሆነ የእርቅ ስምምነት ከፈለጉ ያ ሌላ ሰነድ ነው። በአገራችን እርቅን የሚመለከተው የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነውና፣ የተስማሙባቸውን ነጥቦች ብቻ ይዘው ወደ ሕግ ባለሙያ ይሂዱ። ክፍሎቹ ተለይተው ከተጻፉ ባለሙያው የትኛውን ወደ ስምምነት እንደሚያስገባ አይደናገርም።

ቅጂው ምን እንደሚሆንም እዚያው ይወሰን። ወይ ይጠፋል፣ ወይ ሁለቱም ባመኑት በአንድ ሽማግሌ እጅ ይቆያል። በቴሌግራም የእድሩ ግሩፕ ላይ አይለቀቅ፣ ለማብራሪያ ተብሎም ቢሆን።

ያልተቋጨ ነጥብ በኋላ ሲቋጭ የድሮውን ወረቀት አትሰርዙ፣ አትደልዙ። አዲስ ተጨማሪ ገጽ ጻፉ፦ ቀኑን፣ የትኛው ቁጥር እንደተዘጋ፣ በምን እንደተዘጋ። ለምሳሌ የግንበኛው ዋጋ መጥቶ የልስኑን ወጪ ለመካፈል ከተስማሙ፣ ተጨማሪው «ያልተቋጩ ቁጥር 1 ተዘግቷል» ብሎ ይጀምርና እያንዳንዳቸው የሚያወጡትን ብር፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ ለማን እንደሚሰጥ ይጽፋል። ሁለቱም ይፈርሙበታል፣ ከዋናው ጋር በስቴፕለር ይያያዛል፣ ኮፒው ለየቤቱ ይሰጣል።